ባለ 24 ገጽ ምዕራፍ በአንድ አንቀጽ፦ ሳይቀዱ፣ ሳይፈርዱ

ጥያቄ፦ «24 ገጽ ያለው ምዕራፍ አንብባችሁ በአንድ አንቀጽ አሳጥራችሁ ጻፉ፤ ከመጽሐፉ ሐረግ አትቅዱ፣ የራሳችሁንም አስተያየት አትጨምሩ ተባልን። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ወይ የመጽሐፉ ቃል ሳላስበው ይገባብኛል፣ ወይ ከሱ ስሸሽ የራሴን ሐሳብ ጽፌ አገኘዋለሁ። እንዴት ነው የሚጻፈው?»

መልስ፦

ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። መጽሐፉን ገልጠው አጠገብዎ አድርገው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያሳጠሩ ሲሄዱ ዐይንዎ የሚያርፈው በጸሐፊው ቃል ላይ ስለሆነ እጅዎም ያንኑ ይከተላል። ከዚያ ቃል ለመሸሽ ሲሞክሩ ደግሞ የቀረልዎ የራስዎ ስሜት ነውና ክፍተቱን እሱ ይሞላዋል። የጎደለው መካከለኛው ደረጃ ነው፤ የምዕራፉ ሐሳብ ከጸሐፊው ቃላት ተላቅቆ፣ የእርስዎም ፍርድ ሳይነካው፣ በጥቂት ደረቅ ማስታወሻዎች የሚቀመጥበት። ያ ደረጃ ካለ አንቀጹን የሚጽፉት ከማስታወሻው ነው፤ መጽሐፉ ተዘግቶ ስለሚቆይ የሚቀዳ ሐረግ ከፊትዎ አይኖርም።

በቅድሚያ ልኩን እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ የመጽሐፍ ገጽ 280 ያህል ቃል ይይዛል ብንል 24 ገጽ ወደ 6,700 ቃል ይሆናል። አንድ የተሟላ አንቀጽ ደግሞ ከ110 እስከ 150 ቃል ቢሆን ነው። ይህን ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ገጽ የሚደርሰው 5 ወይም 6 ቃል ብቻ ነው። በ5 ቃል አንድን ገጽ ማሳጠር የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ከገጽ 1 ጀምሮ እያሳጠሩ መሄድ ገና ከጅምሩ አያዋጣም፤ ገጽ 9 ላይ ሲደርሱ አንቀጹ ሞልቶ ያድራል፣ የምዕራፉ ዋና ነገር የሚገኝበት የመጨረሻው ክፍል ደግሞ በአንድ ችኩል ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የአጭር ጽሑፍዎ የመጀመሪያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከምዕራፉ የመጀመሪያ ሦስት ገጾች የመጡ ከሆነ ይህ ስሕተት እንደደረሰብዎ ይወቁ።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ፈንጣጣ ከዓለም እንዴት እንደጠፋ የሚተርክ ባለ 24 ገጽ ምዕራፍ እንያዝ። ምዕራፉን ለዚህ መልስ ብዬ ያዋቀርኩት ነው፤ በውስጡ ያሉት የታሪክ ነገሮች ግን እውነተኛ ናቸው፣ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 4 ገጾች በሽታው ምን እንደነበረ ይናገራሉ። ቀጣዮቹ 3 ገጾች ከክትባት በፊት ስለነበረው ልማድ ነው፤ ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ እየወሰዱ ጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ከዚያ 5 ገጽ የሚወስደው የእንግሊዛዊው ሐኪም የኤድዋርድ ጄነር ታሪክ ነው፤ በ1796 ከአንዲት ላም አላቢ እጅ ላይ ከወጣ የላም ፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የ8 ዓመት ልጅ ላይ ሞከረው፣ ልጁም በኋላ ለፈንጣጣ ሲጋለጥ አልያዘውም። 4 ገጽ የዓለም ጤና ድርጅት በ1967 ዘመቻውን እንዴት እንዳጠናከረ፣ 5 ገጽ ደግሞ የዘመቻው ስልት እንዴት እንደተለወጠ ያወራል። የመጨረሻዎቹ 3 ገጾች በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ስለተገኘው በተፈጥሮ የተያዘ የመጨረሻ ታማሚ፣ በ1980 ስለተሰጠው መግለጫና ሥራው ለምን እንደተሳካ ነው።

የመጀመሪያው ንባብ ያለ እስክሪብቶ ይሁን። 6,700 ቃል ረጋ ብሎ ለማንበብ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል። እስክሪብቶ የሚቀረው በምክንያት ነው፤ በመጀመሪያ ንባብ የሚሰመርበት ነገር ሁልጊዜ ያማረ ዓረፍተ ነገር እንጂ አስፈላጊ ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ ያማረው ደግሞ ኋላ ሳያውቁት አንቀጽዎ ውስጥ የሚገባው ነው። አንብበው ሲጨርሱ የምዕራፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ብቻ ዳግም ያንብቡና አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ የጻፈችው ምን እንድቀበል ፈልጋ ነው? «ስለ ፈንጣጣ ነው» የሚለው መልስ ርእስ ነው፣ ሐሳብ አይደለም። መልሱ ግስ ያለው፣ አንድ ሰው «አልስማማም» ሊለው የሚችል ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። በያዝነው ምዕራፍ መልሱ እንዲህ ይሆናል፦ ክትባቱ ብቻውን አልበቃም፤ በሽታው የጠፋው ታማሚ ፍለጋ ሲታከልበት ነው። ይህ የአንቀጽዎ ኃይለ ቃል ይሆናል። (አንዳንድ ምዕራፍ ምንም አይሞግትም፤ ለምሳሌ የአፈር ዓይነቶችን ብቻ የሚዘረዝር ሊሆን ይችላል። እንዲያ ሲሆን ኃይለ ቃሉ የምዕራፉን አከፋፈል ይናገራል፦ ስንት ዓይነት፣ በምን መለያ።)

ሁለተኛው ንባብ ክፍል በክፍል ነው። ክፍሉ የሚቆረጠው የግድ በንዑስ ርእስ አይደለም፤ የጽሑፉ ሥራ በሚለወጥበት ቦታ ነው፣ ማለትም ትረካው አብቅቶ ማስረጃ ሲጀምር፣ ማስረጃው አብቅቶ መደምደሚያ ሲመጣ። አንዱን ክፍል አንብበው መጽሐፉን ይዝጉ። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ከ10 ቃል ያልበለጠ ማስታወሻ ይጻፉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጻፉ፤ የሚፈርድ ቅጽልም አያስገቡ። የኛ ምዕራፍ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

ገጽ 1–4፦ በሽታው፤ ከሰው ወደ ሰው፤ በከባዱ ዓይነት ከ10 ሰው 3 ሞት
ገጽ 5–7፦ የጥንት መከላከያ፤ ይሠራል፣ ግን ያዛምታል
ገጽ 8–12፦ ጄነር 1796፤ የላም ፈንጣጣ፤ አደጋው አነሰ
ገጽ 13–16፦ 1967 ዘመቻ፤ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት፤ አዲስ መርፌ
ገጽ 17–21፦ ሁሉን ከመከተብ ታማሚ ፈልጎ ዙሪያውን ወደ መከተብ
ገጽ 22–24፦ 1977፣ 1980፤ ለምን ተሳካ፤ ገደቡ

ማስታወሻው በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት እንዲሆን የምመክረው ኅዳግ ላይ የተጻፈ ነገር ለማንበብ መጽሐፉን መግለጥ ስለሚጠይቅ ነው፤ መጽሐፉ ከተገለጠ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስን ማለት ነው።

አሁን መመዘን ይመጣል። አንዱን ማስታወሻ በእጅዎ ይሸፍኑትና ኃይለ ቃሉን ያንብቡ፦ አሁንም ይቆማል? ገጽ 17–21ን ቢሸፍኑ ኃይለ ቃሉ ይወድቃል፤ ስለዚህ ይህ ክፍል በአንቀጹ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። ከገጽ 13–16 አዲሱን መርፌ፣ ማለትም ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለውን፣ ቢሸፍኑ ኃይለ ቃሉ ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ ይወጣል። የጄነር ክፍል 5 ገጽ ይወስዳል፣ ለማንበብም ከሁሉ ይጣፍጣል፤ የላም አላቢዋና የልጁ ነገር ከአእምሮ አይጠፋም። ከኃይለ ቃሉ አንጻር ግን የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ክትባቱ ከረጅም ጊዜ በፊት መገኘቱን ያሳያል። ስለዚህ አምስቱ ገጾች አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ የልጁ ዕድሜ ይወጣል፣ ላም አላቢዋም ትወጣለች። የገጽ ብዛት የክብደት መለኪያ አይደለም፤ ጸሐፊዎች ታሪክ ሲተርኩ ገጽ ይፈጃሉ፣ ዋናውን ሐሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በግማሽ ገጽ ይጨርሱታል።

ከቁጥርም የሚቆየው ሐሳቡን የሚሸከመው ብቻ ነው። 1796 እና 1967 ይቆያሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ የጸሐፊዋ ማስረጃ ስለሆነ።

ማስታወሻውን ከጨረሱ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል እስከ ማግሥቱ ይቆዩ። የሰው አእምሮ ሐሳብን ከቃል ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ የቆይታው ጥቅም የጸሐፊዋ ቃላት ረግፈው ሐሳቡ እንዲቀር ነው። ከዚያ ማስታወሻውን ብቻ ይዘው፣ መጽሐፉ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ምዕራፉን ላላነበበ ሰው እንደሚነግሩ አድርገው ጮክ ብለው ይናገሩት። በቃል ሲነገር ዓረፍተ ነገሩ የራስዎ ቅርጽ ይይዛል። ያንኑ ይጻፉት።

አሁን ወደ መቅዳት እንምጣ፤ ብዙ ሰው መቅዳት ማለት ቃል በቃል መገልበጥ ብቻ ይመስለዋል። በምዕራፉ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል፦

«የፈንጣጣ መጥፋት የአንድ መርፌ ድል ሳይሆን እያንዳንዱን ሕመምተኛ በየጎጆው እያሰሱ ያገኙ የብዙ ሺህ ሰዎች የእግር ጉዞ ውጤት ነው።»

የተለመደው ሙከራ ይህን ይመስላል፦

«የፈንጣጣ መወገድ የአንድ ክትባት ድል ሳይሆን እያንዳንዱን በሽተኛ በየቤቱ እየፈለጉ ያገኙ የብዙ ሺህ ሠራተኞች የእግር ጉዞ ፍሬ ነው።»

ሰባት ቃል ተለውጧል፤ ቢሆንም ይህ ቅጂ ነው። የተለወጡትን ቃላት አውጥተን የቀረውን እንይ፦ የፈንጣጣ… የአንድ… ድል ሳይሆን እያንዳንዱን… ያገኙ የብዙ ሺህ… የእግር ጉዞ… ነው። አጥንቱ እንዳለ ቆሟል። በአማርኛ የዓረፍተ ነገር አጥንት ያለው በግሱ፣ በ«የ» በተያያዙት ዘርፎችና በአያያዡ ላይ ነው፤ ስም በስም፣ ግስ በግስ መተካት ልብስ መቀየር ያህል ነው። ከዚህም በላይ «ድል» እና «የእግር ጉዞ» የጸሐፊዋ ዘይቤዎች ናቸው። ዘይቤ ከቃል ይበልጥ የግል ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢለወጥ እንኳ ዘይቤው ከቀረ ሐረጉ ተቀድቷል።

ከማስታወሻው ተነሥተን ብንጽፈው እንዲህ ይወጣል፦ «ምዕራፉ ለስኬቱ ከክትባቱ ይልቅ ታማሚዎችን ቤት ለቤት ለመፈለግ የተደረገውን ጥረት በዋና ምክንያትነት ያቀርባል።» ባለቤቱ ተለወጠ (ምዕራፉ ሆነ)፣ ግሱ ተለወጠ (ያቀርባል)፣ ዘይቤዎቹም ወጥተው በውስጣቸው የነበረው ሐሳብ ብቻ ቀረ። ቅርጽ የሚለወጠው በዚህ ነው፦ ባለቤቱን በመቀየር፣ ከውጤቱ ወይም ከምክንያቱ በኩል በመጀመር፣ የሁለት ገጽ ሐሳብ በአንድ ግስ ሥር በማሰር። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ ተመሳሳይ ቃል መፈለግ ግን ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። «ተዛመተ»ን በ«ተንሰራፋ» ሲተኩ ቅጂው አይጠፋም፣ ትርጉሙ ደግሞ ይጠነክራል።

ለራስ መፈተሻ የሚሆን ልክ ልስጥዎ። ሦስት ትርጉም ያላቸው ቃላት በአንድ ተርታና በአንድ ቅደም ተከተል በመጽሐፉና በእርስዎ አንቀጽ ከተገኙ ያንን ቦታ እንደገና ይጻፉ። ከዚህ ነጻ የሆኑት ስሞች፣ ዓመቶችና የሙያ ቃላት ናቸው። «ፈንጣጣ»፣ «ክትባት»፣ «የዓለም ጤና ድርጅት» ምትክ የላቸውም፤ ቅጂ እንዳይባል ብሎ «ፈንጣጣ»ን «ያ ቆዳ የሚያበላሽ ደዌ» ማለት አንባቢውን ያደናግራል እንጂ ማንንም አያድንም። ጸሐፊዋ ራሷ የፈጠረችው ስያሜ ካለና ያለ እሱ ሐሳቡ የማይገለጽ ከሆነ እንደ ስም ቆጥረው በትእምርተ ጥቅስ ያስገቡት፤ ከአንድ በላይ ግን አያድርጉ።

ምዕራፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ አንቀጹን በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። ቋንቋው ስለተለየ የተቀዳ ነገር ያለ አይመስልም፤ ሆኖም ዓረፍተ ነገርን ተርጉሞ ማስገባትም ሐረግ መቅዳት ነው። የሚታወቀውም በአማርኛው ነው፤ ግሱ እስኪመጣ ድረስ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ «የሚለው የሆነው» የበዛበት ዓረፍተ ነገር ካገኙ ከሥሩ ሌላ ቋንቋ አለ። እዚህ ላይ የሚረዳው ማስታወሻውን ራሱን በአማርኛ መያዝ ነው። በእንግሊዝኛ ማስታወሻ ይዘው በአማርኛ ቢጽፉ የሚተረጉሙት ያንኑ ይሆናል።

አስተያየትን በተመለከተ «እንደ እኔ አመለካከት» የሚለውን ማንም አውቆ ይተዋል። አስተያየት የሚደበቀው በትናንሽ ቃላት ውስጥ ነው። ዘመቻው ከ1967 እስከ 1977 የቆየ መሆኑን የሚገልጹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንይ፦ «ሥራው 10 ዓመት ፈጀ»፣ «ሥራው 10 ዓመት ብቻ ፈጀ»፣ «ሥራው 10 ዓመት ሙሉ ፈጀ»። የመጀመሪያው ይናገራል። ሁለተኛው ጊዜው አጭር ነው ብሎ ይፈርዳል፣ ሦስተኛው ረጅም ነው ብሎ ያማርራል። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው። «እንኳ»፣ «ብቻ»፣ «ሙሉ»፣ «በእርግጥም»፣ «የሚገርመው» የሚሉትን በአንቀጽዎ ውስጥ አንድ በአንድ ፈልገው ጸሐፊዋ ያን ፍርድ ሰጥታ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልሰጠች ይሰርዟቸው። «አስደናቂ»፣ «አሳዛኝ»፣ «ታላቅ» የመሳሰሉ ቅጽሎችም እንዲሁ። «ከባድ የፈንጣጣ ዓይነት» ሲሉ ግን የሕክምና አከፋፈል ስለሆነ ይቆያል፤ «አስከፊ» ቢሉት ፍርድ ይሆናል።

ሁለተኛው መደበቂያ ጸሐፊዋ ምን እንዳደረገች የሚናገረው ግስ ነው። «አረጋገጠች» ካሉ እርስዎም ተስማምተዋል። «ልታስመስል ትሞክራለች» ካሉ አልተስማሙም። «አመነች» ካሉ ቀድሞ ትክድ ነበር ማለትዎ ነው። «ትላለች»፣ «ትገልጻለች» ገለልተኛ ናቸው፤ «ትሞግታለች» ደግሞ ሌላ ሰው ሊቃወመው ለሚችል ሐሳብ ይሆናል። «ታብራራለች» የሚለውን ለማይጠረጠር እውነታ ብቻ ይተዉት።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ስሕተትም አለ፣ እሱም ይበልጥ የተለመደ ነው። አስተያየት አትጨምሩ የተባለ ተማሪ የጸሐፊዋንም አስተያየት ያወጣዋል፣ ወይም እንደ እውነታ ያስቀምጠዋል። «ፍለጋው ከክትባቱ ይበልጥ ወሳኝ ነበር» ብለው ቢጽፉ ፍርዱ የማን ነው? አንባቢው የእርስዎ ነው ብሎ ይወስደዋል። የጸሐፊዋ ፍርድ የምዕራፉ ይዘት ነው፤ መግባት አለበት፣ የሚገባው ግን ባለቤቱ ተጠቅሶ ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «ጸሐፊዋ እንዳለችው» ማለት አያስፈልግም፤ በኃይለ ቃሉ ላይ አንዴ፣ አከራካሪ ሐሳብ በመጣበት ቦታ ደግሞ አንዴ ይበቃል።

ከውጭ የሚገባ እውቀትም ጭማሪ ነው፣ እውነት ቢሆንም። የፈንጣጣ ቫይረስ ዛሬ በአሜሪካና በሩሲያ ባሉ ሁለት ቤተ ሙከራዎች ተጠብቆ እንደሚገኝ ያውቁ ይሆናል። ምዕራፉ ካላነሳው በአንቀጹ ቦታ የለውም። ከሁሉ የሚያመልጠው ጭማሪ ግን ምክንያት ነው። አማርኛ «ክትባቱ ተሻሽሎ በሽታው ጠፋ» ብሎ ሁለት ድርጊት ሲያያይዝ ቅደም ተከተሉ እንደ ምክንያትም ይነበባል፤ የያዝነው ምዕራፍ ደግሞ ያንን ነው የሚቃወመው። ለማሳጠር ሲባል የተያያዘ ግስ ጸሐፊዋን ተቃራኒ ነገር አናገራት። «በመሆኑም»፣ «ስለዚህ» እና «-ሎ፣ -ቶ» ብለው የሚያያዙ ግሶች ባሉበት ሁሉ ምክንያትነቱን ጸሐፊዋ ብላው እንደሆነ ያመሳክሩ።

ከስድስቱ ማስታወሻዎች የወጣው አንቀጽ ይኸው፦

«ፈንጣጣን ለማጥፋት ክትባት መገኘቱ እንዳልበቃ፣ በሽታው የተወገደው ታማሚዎችን የመፈለግ ስልት ሲታከልበት እንደሆነ ምዕራፉ ይሞግታል። በከባዱ ዓይነት ከተያዙ 10 ሰዎች 3 ያህሉን ይገድል የነበረውን ይህን በሽታ ለመከላከል አስቀድሞ የነበረው ልማድ ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ ማስገባት ሲሆን፣ በሽታውን ሊያዛምትም ይችል ነበር። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 በላም ፈንጣጣ ባደረገው ሙከራ አደጋው ያነሰ መከላከያ ቢገኝም በሽታው ከ170 ዓመት በላይ ቀጠለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1967 ዘመቻውን ሲያጠናክር ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በእጁ ነበር፤ ለውጡን ያመጣው ግን ሁሉንም ሰው ከመከተብ ይልቅ እያንዳንዱን ታማሚ አግኝቶ በዙሪያው ያሉትን መከተብ እንደሆነ ጸሐፊዋ ትገልጻለች። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በ1977 ተመዘገበ፤ የበሽታው መጥፋትም በ1980 ታወጀ። ቫይረሱ ከሰው በቀር በሌላ እንስሳ አለመኖሩና ምልክቱ በዐይን መታየቱ ፍለጋውን እንዳቀለሉት ጠቅሳ፣ ይኸው ስልት እነዚህ ሁለት ነገሮች ለሌሏቸው በሽታዎች እንደማይበቃ ትደመድማለች።»

ወደ 115 ቃል ነው፣ በስድስት ዓረፍተ ነገር። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ቢጽፉበት የመጀመሪያው ከመላው ምዕራፍ፣ ሁለተኛው ከገጽ 1–7፣ ሦስተኛው ከ8–12፣ አራተኛው ከ13–21፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከ22–24 ናቸው። ይህን የገጽ ምልክት በራስዎ አንቀጽ ላይ በእርሳስ ያድርጉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ፣ ይባስ ብሎም ከአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የመጣ ከሆነ የተቀዳ ነገር በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፤ ከብዙ ገጽ የተሰበሰበን ሐሳብ መቅዳት ብንፈልግም አይመችም። «ከ170 ዓመት በላይ» የሚለው በምዕራፉ ባይጻፍም 1796ን ከ1967 በመቀነስ የሚገኝ ስለሆነ ከውጭ እንደመጣ አይቆጠርም።

መጽሐፉ እንደገና የሚገለጠው አሁን ነው፣ ለማመሳከር። ሦስት ዙር ይሂዱ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይፈልጉ፤ ዐይን ዓመት ሲያመሳክር ቅጽል ያልፈዋል። በመጀመሪያው ዙር ዓመትና ስም፣ በሁለተኛው የተደጋገሙ ሐረጎች፣ በሦስተኛው የፍርድ ቃላት። አንቀጹ ከ150 ቃል ካለፈ ከየዓረፍተ ነገሩ ቃል መልቀም ይተዉ፤ ጽሑፉ ይደርቃል፣ ልኩም አይመጣም። ይልቅ ወደ ማስታወሻው ተመልሰው እጅዎን በላዩ አድርገው አንድ ሙሉ ነገር ያውጡ። ከዚህ አንቀጽ የሚወጣ ቢኖር 1977 ይሆን ነበር፤ ኃይለ ቃሉ ያለ እሱ ይቆማል።

በመጨረሻ ምዕራፉን ላላነበበ ሰው አንቀጹን ይስጡና ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ጸሐፊዋ ምን ትላለች? ለምን እንዲያ አለች? ይህን ያሳጠረው ሰውስ በሐሳቧ የተስማማ ይመስልሃል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ ካጣ ኃይለ ቃሉ አልወጣም። ለሦስተኛው መልስ ካገኘ ደግሞ የትኛው ቃል እንደነገረው ይጠይቁትና ያንን ቃል ያውጡት።